ለሞተ ንጉሥ የቆመ የሸክላ ጦር፦ ለምን ተሠራ? እነማንስ ሠሩት?

በመጋቢት 1966፣ እኛ ሀገር አብዮቱ ገና በፈነዳበት ሰሞን፣ ቻይና ውስጥ ሺአን ከተማ አጠገብ ጥቂት ገበሬዎች የውኃ ጉድጓድ እየቆፈሩ ነበር። ዝናብ ጠፍቶ አዝመራው ሊደርቅ ነው። ጥቂት ሜትር እንደወረዱ ዶማው ውኃ ሳይሆን ሸክላ መታ። መጀመሪያ የሰው አካል ቅርጽ ያለው ስብርባሪ ወጣ፤ ከዚያ የነሐስ ቀስት ጫፎች። የአካባቢው ሰው እንዲህ ያለ ስባሪ ከዚያ በፊትም መቃብር ሲቆፍር ያጋጥመው ስለነበር ብዙም አልተገረመም። የተገረሙት ወሬው ደርሷቸው የመጡት የሙዚየም ሰዎች ናቸው።

ከዚያ ወዲያ ያለውን አብዛኞቻችን በፎቶ አይተነዋል። በሰልፍ የቆመ፣ ግራጫ ቀለም ያለው፣ በሰው ቁመት ልክ የተሠራ የሸክላ ጦር። ብዛቱ ወደ 8,000 ይገመታል። ይህ ቁጥር ግን ተቆፍሮ የወጣው አይደለም። በተቆፈረው ክፍል ካለው ጥግግት ተነስቶ የተሰላ ነው። አብዛኛው ዛሬም አፈር ውስጥ ነው።

ስለዚህ ጦር በየቦታው ሁለት ነገር ይነገራል። አንደኛው፣ ንጉሡ ሞት ስለፈራ ጠባቂ አሠራ የሚል ነው። ሁለተኛው፣ እያንዳንዱ ሐውልት የአንድ እውነተኛ ወታደር መልክ ነው፣ ሞዴል እየሆኑ ቆመው ነው የተቀረጹት የሚል። የመጀመሪያው በግማሽ ልክ ነው። ሁለተኛው ደስ ይላል፤ ግን አሠራሩ ሲታይ አያስኬድም።

ከንጉሡ እንነሳ። ቺን ሺ ኋንግ ይባላል። ቺን ቻይናን ተከፋፍለው ይዋጉ ከነበሩት መንግሥታት አንዱ ነበር፤ በምዕራብ በኩል ያለው። ቺን ሺ ኋንግ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ246 ዙፋን ላይ ሲወጣ ዕድሜው 13 ነበር። መቃብሩ መሠራት የጀመረውም ያኔ ነው። ይህ ለኛ ጆሮ ይከብዳል፤ በዚያ ዘመን ግን የተለመደ ነበር። በ221 ሌሎቹን መንግሥታት አንድ በአንድ ጠቅልሎ ራሱን «የመጀመሪያው ንጉሠ ነገሥት» ብሎ ሰየመ። በ210 ሞተ። ጦሩ የተሠራው በነዚህ በመጨረሻዎቹ አሥር ዓመታት ገደማ ነው ተብሎ ይታመናል።

የቺን ነገሥታት ከዚያ በፊት ሲሞቱ ምን ይደረግ ነበር? ሰው አብሯቸው ይቀበር ነበር። የጥንቱ ታሪክ ጸሐፊ ሲማ ቺየን እንደመዘገበው ሙ የሚባለው የቺን ገዢ በ621 ሲሞት 177 ሰዎች ተከትለውት ሞተዋል። ይህ ተረት ብቻ አይደለም። ከሱ በኋላ የገዛው የጂንግ መቃብር ሲቆፈር የ186 ሰዎች አጽም ወጥቷል። ልማዱን ቺን በ384 በአዋጅ አስቀረው። እምነቱ ግን አልቀረም። ሙት ልክ እንደ ሕያው መታየት አለበት፤ ወዲያኛው ዓለም ሲሄድም ቤትና ምግብ፣ አሽከርና ፈረስ ያስፈልገዋል። ሰው መቅበሩ ሲቀር ምትክ ያስፈልግ ነበር። ምትኩ ጭቃ ሆነ።

ከቺን ሺ ኋንግ በፊትም ትንንሽ የሸክላ ምስል መቃብር ውስጥ ማስቀመጥ ነበር። በእጅ የሚያዙ፣ አሻንጉሊት የሚያህሉ። እሱ ያመጣው አዲስ ነገር መጠኑና ብዛቱ ነው። የሚገርመው ከሱ በኋላም አልቀጠለም። ቀጥለው የመጡት የሀን ነገሥታትም የሸክላ ጦር አስቀብረዋል፤ የነሱ ወታደር ግን ከጉልበት ብዙም ከፍ አይልም።

«ጠባቂ» የሚለውን በግማሽ ልክ ያልኩት ለዚህ ነው። ጦሩ ከመቃብሩ ጉብታ በስተምሥራቅ 1.5 ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዙሮ ቆሟል። የተሸነፉት መንግሥታት በሙሉ ያሉት በዚያ አቅጣጫ ነው። ስለዚህ ጥበቃ ነው ማለት ይቻላል። ግን ጦሩ ከጠቅላላው ግቢ አንድ ጥግ ብቻ ነው። በኋላ በተቆፈሩት ሌሎች ጉድጓዶች ውስጥ እጁን እጅጌው ውስጥ ከቶ የቆመ የቢሮ ጸሐፊ ተገኝቷል። ከወገብ በላይ ልብስ የሌለው፣ ቦርጭ ያለው ትርዒት አሳዪ ተገኝቷል። በውኃ ዳር የተደረደሩ የነሐስ ወፎች፣ የእውነት ፈረሶች የተቀበሩበት ጋጣና ፈረስ ጠባቂው፣ ከድንጋይ ቁርጥራጭ የተሰፋ የጦር ልብስም ወጥቷል። ይህ የፍርሃት ሥራ አይመስለኝም። ሰውዬው መንግሥቱን ከነቢሮው፣ ከነመዝናኛው ጠቅልሎ ነው የሄደው። ወዲያም ሊገዛ አስቧል።

አሁን ወደ ጭቃው።

አንድ ወታደር በአማካይ 1.80 ሜትር ይረዝማል፤ ክብደቱ ከመቶ ኪሎ አልፎ ሦስት መቶ ሊጠጋ ይችላል። ጀበና ወይም ምጣድ ሲሠራ ያየ ሰው ችግሩ ወዲያው ይገባዋል። እርጥብ ጭቃ በራሱ ክብደት ይረግባል፣ ይጎብጣል። ወፍራም ጭቃ ደግሞ ውስጡ ሳይደርቅ እሳት ካገኘው በእንፋሎቱ ይፈነዳል። ሲደርቅም ይሸበሸባል፤ አንዱ ወገን ቀድሞ ከደረቀ ይሰነጠቃል። ትንሽ ጀበና ላይ እንኳን ይህ ይደርሳል። ሰው የሚያህለው ላይ እንዴት ተወጡት?

መጀመሪያ አፈሩ። ከዚያው ከአካባቢው የሚወጣ፣ ነፋስ ያመጣው ደቃቅ ቢጫ አፈር ነው። ባለሙያዎች ስባሪውን በስሱ ቆርጠው በማይክሮስኮፕ ሲያዩ ለወታደሮቹ የዋለው ጭቃ አሸዋ ተጨምሮበት አገኙት። አሸዋው ጭቃውን ያጠነክረዋል፤ ሲደርቅም እንዳይሸበሸብ ይይዘዋል። የጉድጓዱ ወለል ለተነጠፈበት ጡብ ግን አሸዋ አልተጨመረም፤ አያስፈልገውም። የወታደሮቹ ጭቃ ከአንዱ ወደ ሌላው ብዙም አይለይም። ስለዚህ ምርመራውን ያደረጉት ሰዎች ጭቃው አንድ ቦታ ተቦክቶ ለየሠራተኛው ይከፋፈል ነበር የሚል ግምት አላቸው።

ሥራው ከእግር ነው የሚጀምረው። መቆሚያ ጠፍጣፋ ጭቃ ይዘጋጃል፤ በላዩ ጫማና እግር ይቆማል። እግሩ አብዛኛውን ጊዜ ድፍን ነው፣ ሸክሙን የሚችለው እሱ ስለሆነ። ከወገብ በላይ ያለው ግን ባዶ ነው። ጭቃው እንደ ገመድ እየተድቦለቦለ ዙሪያውን ይጠመጠማል፣ በላዩ ሌላ ዙር፣ ከዚያ ሌላ። ውስጡን በጣት ያያይዙታል፤ የጣቶቹ አሻራ ስባሪው ውስጥ ዛሬም ይታያል። እዚህ ጋ ትዕግሥት ይፈልጋል። የታችኛው ዙር ጠንከር ሳይል የላዩ ከተጫነ ይናዳል። ከልክ በላይ ከደረቀ ደግሞ አዲሱ ጭቃ አይያያዘውም፤ ስፌቱ ላይ ይለያያል። ስለዚህ አንድ ሠራተኛ ጥቂት ይጨምርና ወደ ሌላው ይሄዳል፤ ያ ሲጠነክር ይመለሳል። ብዙ ሐውልት ጎን ለጎን የሚሠራ ሰው ጊዜ አያባክንም።

ክንድ ለብቻው ተሠርቶ ይገጠማል። እጅም እንደዚያው። ጭንቅላት ግን ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ከፊትና ከኋላ በሁለት ቅርጽ ማውጫ ጭቃ ይጠቀጠቃል፤ ሁለቱ ግማሾች ይጋጠማሉ፤ ከአንገት ጋር ተጣብቆ ከአካሉ ተለይቶ ይተኮሳል። በመጨረሻ አንገቱ ትከሻው መሃል ባለው ቀዳዳ ይሰካል። ጭንቅላቱ ለብቻው መሆኑ ሌላም ጥቅም አለው። ባዶው ደረት አንገቱ ላይ ክፍት ሆኖ ስለሚቀር እንፋሎቱ በዚያ ይወጣል። የሸክላ ፈረሶቹ ጎናቸው ላይ ክብ ቀዳዳ ያላቸውም ለዚሁ ሳይሆን አይቀርም።

ታዲያ ቅርጽ ማውጫ ካለ ፊቱ ለምን ይለያያል? ጨዋታው ያለው እዚህ ላይ ነው። መሠረታዊው የፊት ቅርጽ ስምንት ያህል ነው። ጭንቅላቱ ከቅርጽ ማውጫው ሲወጣ ገና ሸካራ ነው። ቀጭን የጭቃ ልባስ ይቀባና ሠራተኛው በእጁ ይገባበታል። ቅንድቡን ያሾላል፣ አፍንጫውን ያቀናል፣ ጢም ይለጥፋል ወይም ይተዋል፣ ፀጉሩን በመሞረጃ መስመር በመስመር ያወጣል። ጆሮ ለብቻ ይለጠፋል። በ2014 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የወጣ አንድ ጥናት የ30 ወታደሮችን ጆሮ በፎቶ ለክቶ ሁለት የሚመሳሰል አላገኘም። ብዙ ጋዜጣ ይህን ይዞ «እውነተኛ ሰዎች ናቸው» ብሎ ጻፈ። እኔ የማነበው ከዚህ በተቃራኒ ነው። በእጅ የተለጠፈ ጆሮ መቼም አይመሳሰልም። አንዲት እናት የሠራቻቸውን ሁለት ጀበናዎች አንገት ብትለካ ልዩነት ታገኛለህ። ጢሙ ስድስት ዓይነት፣ የፀጉሩ አሠራር አምስት ዓይነት ቢሆን፣ በስምንት ፊት ስታባዛው 240 ሰው አገኘህ። በዚያ ላይ የእጅ ልዩነት ሲጨመር ያልቃል። ሞዴል ሆኖ የሚቆም ወታደር አያስፈልግም። አጥኚዎቹን ራሳቸውን ግን ልወቅሳቸው አልፈልግም፤ እነሱ ያሉት ወደ ልዩነት የተሰጠ ትኩረት አለ ነው።

ትኩረቱ መኖሩ አያጠራጥርም። ጦሩ ከተቀበረባቸው ጉድጓዶች በሁለተኛው ውስጥ በጉልበቱ የተንበረከከ ቀስተኛ አለ። ቀኝ ጉልበቱ መሬት ነክቷል፤ ተረከዙ ስለተነሳ የጫማው ሶል ወደ ኋላ ይታያል። ሶሉ ላይ የመርፌ ስፌት ነጥብ ነጥብ ተደርጎ ተወግቷል። ጣቶቹና ተረከዙ ጋ ስፌቱ ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ መሃሉ ላይ ሳሳ ይላል። ጫማ የሚያልቀው ከፊትና ከኋላ ነዋ! ያንን የሠራው ሰው ጉድጓዱ ከተዘጋ ማንም ሶሉን እንደማያይ ያውቃል።

ለምን ተጨነቀ ታዲያ? አንዱ መልስ የሙያ ፍቅር ነው። ሌላው መልስ ብዙ ሐውልቶች ላይ፣ ገለል ያለ ቦታ፣ ተጽፎ ተገኝቷል። ስም ነው።

እስካሁን ከ80 በላይ የአለቃ ሠራተኞች ስም ተቆጥሯል። የአንዳንዱ ስም በማኅተም የታተመ ነው፤ ከፊቱ «ቤተ መንግሥት» የሚል ፊደል አለው። ይህ የመንግሥት ሸክላ ሥራ ቤት ሰው ነው። ሌላው በሹል ነገር የተጫረ ነው፤ ከፊቱ ሺያንያንግ የሚለው የዋና ከተማው ስም አለ። እሱ የከተማው የግል ሠራተኛ ሳይሆን አይቀርም። የመጀመሪያዎቹ ዓይነት ማኅተም በጣሪያ ሸክላና በወለል ጡብ ላይም ተገኝቷል። ያ ትልቅ ፍንጭ ነው። ቺን ሐውልት ቀራጭ አልነበረውም፤ በሰው ቁመት የሚቀርጽ ሙያተኛ ከየት ይመጣል? የነበረው የጣሪያ ሸክላና የፍሳሽ ቱቦ ሠሪ ነው። ቱቦ ትልቅ፣ ባዶ፣ በእሳት ሳይፈነዳ የሚወጣ ሸክላ ነው። ትጥቁንና ልብሱን ገፍፈህ ደረቱን ብታየው ወታደሩ እጅ የተገጠመለት ወፍራም ቱቦ ነው።

ስሙ ፊርማ አይደለም። በቺን አገር ሕጉ ግልጽ ነበር፤ ዕቃ ላይ የሠራው ሰው ስም ይጻፍ፣ ጥራቱ እንዲጣራ፣ ጉድለት ከተገኘ ሠሪው እንዲቀጣ። ይህ በዚያው ዘመን በተጻፈ መጽሐፍ ላይ አለ። መሣሪያው ላይ ደግሞ ይበልጥ አፍጥጦ ይታያል። ከጉድጓዱ የወጡ አንዳንድ የነሐስ ጦሮች ላይ ዓመቱ፣ ከዚያ የጠቅላይ ሚኒስትሩ የሉ ቡዌይ ስም፣ ከሱ በታች የሥራ ቤቱ ኃላፊ፣ ምክትሉ፣ በመጨረሻ ነሐሱን ያፈሰሰው ሠራተኛ ስም በተርታ ተቀርጿል። ጦሩ ቢሰበር ተጠያቂው ከላይ እስከ ታች ታውቋል ማለት ነው። የሸክላው ወታደርም በዚሁ ደብተር ውስጥ የገባ ዕቃ ነበር።

ስሌቱን በግርድፉ እንሥራው። 8,000 ሐውልት፣ 85 አለቃ፣ አሥር ዓመት እንበል። ለአንድ አለቃ 94 ያህል ይደርሰዋል፤ በዓመት ዘጠኝ ወይም አሥር። ያልተቆፈረው ክፍል ሌላ ስም ካመጣ ድርሻው ይቀንሳል። ከነረዳቶቹ ለሚሠራ አንድ ቡድን ይህ የሚቻል ነው። ቀላል ነው አላልኩም። ግን «ተአምር ነው» የሚያሰኝ አይደለም። ጭቃ አዳይ፣ ማገዶ አቅራቢ፣ ቆጣሪ ያለው መሥሪያ ቤት ይወጣዋል።

ወታደሮቹ ግራጫ አልነበሩም። ከእቶን ከወጡ በኋላ ከላኪር ዛፍ በሚፈስ፣ ሲደርቅ ቡናማ በሚሆን ሙጫ ተቀብተዋል። በላዩ ላይ ቀለም ተደርጓል፤ ደማቅ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ከአጥንት የተሠራ ነጭ። ወይን ጠጅ ቀለምም አለ፤ እሱ በተፈጥሮ የማይገኝ፣ ማዕድን ተቀላቅሎ በእሳት የሚሠራ ነው። ፊታቸው ሮዝ ነበር። አንዱ ቀስተኛ ፊቱ ለምን እንደሆነ ሳይታወቅ አረንጓዴ ተቀብቷል።

ችግሩ ያለው ሙጫው ላይ ነው። ከ2,000 ዓመት በላይ እርጥብ አፈር ውስጥ ቆይቶ ውኃ ጠጥቷል። ሐውልቱ ተቆፍሮ ደረቅ አየር ሲነካው ሙጫው በደቂቃዎች ውስጥ ይሸበሸባል፣ ይጠቀለላል፣ ቀለሙን ይዞ ይላጣል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የወጡት ወታደሮች ቀለማቸውን ያጡት እንዲህ ነው፤ ቆፋሪው ዓይን እያየ። ቀለሙ አንዳንዴ ሐውልቱን ትቶ አፈሩ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። በኋላ ከጀርመን ባለሙያዎች ጋር መላ ተገኘ። ስባሪው ከአፈር ሳይወጣ እርጥበቱ ይጠበቃል፤ ውኃውን የሚተካ ኬሚካል ይቀባል። ሥራው አዝጋሚ ነው። ዋናው መቃብር ዛሬም ያልተከፈተው በከፊል ለዚህ ነው። ጉብታው ላይ ያለው አፈር ሲመረመር ሜርኩሪ በዝቶ መገኘቱም አለ። ሲማ ቺየን መቃብሩ ውስጥ ወንዞች በሜርኩሪ ተሠርተዋል ብሎ ጽፏል። ስለ ሸክላው ጦር ግን አንድም ቃል አልጻፈም።

በሙዚየሙ ቆመው የምናያቸው ወታደሮች በሙሉ ማለት ይቻላል የተጠገኑ ናቸው። ጉድጓዱ የተሠራው በተጠቀጠቀ አፈር ግድግዳ ነው። በግድግዳዎቹ ላይ ወፍራም ግንድ ተጋድሞ፣ ሰሌን ተነጥፎ፣ አፈር ተመልሶበታል። ያ ጣሪያ ተቃጥሎ ወረደ። ብዙውን ጊዜ የሚወቀሰው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ206 ዋና ከተማዋን ያቃጠለው የአማፂው መሪ የሺያንግ ዩ ጦር ነው። ብዙ መሣሪያም ከወታደሮቹ እጅ ጠፍቷል። ግንዱ ሲወድቅ የቆመውን ሰበረ። ሶሉን ያየንለት ተንበርካኪ ቀስተኛ ሳይሰበር የተረፈው ዝቅ ብሎ ስለነበር ነው ይባላል።

አራተኛው ጉድጓድ ባዶ ነው። ተቆፍሯል፤ ወታደር ግን አልገባበትም። ንጉሡ በሞተ በሁለተኛው ዓመት በቺን ላይ የተነሳው አመፅ ወደ ዋና ከተማዋ ሲጠጋ የቺን ጄኔራል ጃንግ ሀን ሌላ ወታደር አጣ። መቃብሩን የሚሠሩትን እስረኞች ምሕረት አድርጎ፣ አስታጥቆ አዘመታቸው። ሲማ ቺየን እነዚህን ሠራተኞች 700,000 ያደርሳቸዋል። ቁጥሩ የተጋነነ ይመስለኛል፤ ብዙ መሆናቸው ግን አያከራክርም።

የጥቂቶቹን መቃብር አውቀነዋል። ከጉብታው ብዙም ሳይርቅ የሠራተኞች መቀበሪያ ተቆፍሮ፣ ከአጽሙ ጋር የጣሪያ ሸክላ ስባሪ ተገኝቷል፤ በላዩ ተጭሮ የተጻፈበት። አንዱ ቺንግ ጂ የሚባል ሰው ነው። ከምሥራቅ፣ ዶንግዉ ከሚባል አገር የመጣ፤ ዝቅተኛ ማዕረግ ያለው። የመጣበት ምክንያትም እዚያው ላይ ተጽፏል፦ ቅጣት በገንዘብ ተወስኖበት መክፈል ስላልቻለ፣ ዕዳውን በጉልበቱ ሊከፍል።